ሳይጠፋ የሚዛወር ኮምፒውተር

አንድ ሰርቨር ሚሞሪው መበላሸት ጀምሯል እንበል። ለመቀየር ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ በላዩ ላይ ግን የደመወዝ መዝገብ የሚይዝ ቨርቹዋል ማሽን እየሠራ ነው፤ ተጠቃሚዎቹም አልወጡም። ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ባለሙያዎች እሱን እንግዳ፣ የሚያሠራውን ሰርቨር ደግሞ አስተናጋጅ ይሉታል። እንግዳውን ሳያጠፉ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ማዛወር ይቻላል። ቪኤምዌር ይህን በ2003 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። በ2005 ደግሞ የካምብሪጅና የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ዜን በተባለው ሶፍትዌር ላይ ሠርተው አሳዩ፤ ሰዎች እየተጫወቱበት የነበረ የኩዌክ 3 ጨዋታ ሰርቨር ሲዛወር የተቋረጠው ለ60 ሚሊሰከንድ ብቻ ነበር።

ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያቀለው ዲስኩ ከቦታው አለመነሳቱ ነው። የእንግዳው ዲስክ በጋራ ማከማቻ ላይ ተቀምጦ ሁለቱም አስተናጋጆች በኔትወርክ ያዩታል። ስለዚህ የሚጓዘው የፕሮሰሰሩና የመሣሪያዎቹ ሁኔታ፣ እንዲሁም ሚሞሪው ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከባዱ ሚሞሪው ነው፤ ምክንያቱም እየተቀዳ ሳለ ይለወጣል። ቁም ጸሐፊ አንድ መጽሐፍ ሲገለብጥ ባለቤቱ ከጎኑ ተቀምጦ የተገለበጡትን ገጾች እያረመ ቢያስቸግረው፣ ጨርሶ ተመልሶ የታረሙትን ብቻ እንደገና ይጽፋል። እዚህም የሚደረገው ይኸው ነው። መጀመሪያ ሚሞሪው በሙሉ ይቀዳል፤ በዚያ መሐል የተለወጡት ገጾች በሁለተኛው ዙር ይላካሉ፤ ከዚያ ሦስተኛው ይቀጥላል።

በሊኑክስ ላይ KVM እና libvirt ለሚጠቀም ሰው ትእዛዙ አጭር ነው፦

```
virsh migrate --live --verbose demoz qemu+ssh://host2/system
```

እንግዳችን 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ቢኖረው፣ ኔትወርኩም በሰከንድ 1 ጊጋባይት ቢያሳልፍ (ባለ 10 ጊጋቢት መስመር ይህን ያህል ይሰጣል)፣ የመጀመሪያው ዙር 16 ሰከንድ ይፈጃል። እንግዳው በሰከንድ 200 ሜጋባይት የሚሆን ገጽ የሚለውጥ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ 3.2 ጊጋባይት ተለውጧል። እሱን ለመላክ 3.2 ሰከንድ ይበቃል፤ እስከዚያ 640 ሜጋባይት ይለወጣል፤ ቀጥሎ 128 ሜጋባይት ይቀራል። ይህ በ0.13 ሰከንድ ይላካል። QEMU እንግዳውን እንዲያቆም የተፈቀደለት ጊዜ ካልተቀየረ 300 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ እዚህ ሲደርስ እንግዳውን ያቆምና የቀረውን ከፕሮሰሰሩ ሁኔታ ጋር ልኮ በአዲሱ ቤት ያስነሳዋል። ወዲያው አዲሱ አስተናጋጅ ለኔትወርኩ ስዊች «ይህ አድራሻ አሁን እኔ ጋ ነው» የሚል መልእክት ይልካል። ይህ ባይደርስ እንግዳው ቢነሳም መልእክቱ ሁሉ ለጊዜው ወደ አሮጌው ማሽን ይሄዳል።

ያው እንግዳ ባለ 1 ጊጋቢት መስመር ላይ ቢሆን ታሪኩ ሌላ ነው። መስመሩ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ እንግዳው ደግሞ 200 ይለውጣል። የሚለወጡት ገጾች የተለያዩ እስከሆኑ ድረስ ሥራው አያልቅም። ይህን ለማወቅ በሌላ መስኮት `virsh domjobinfo demoz` ብሎ ማየት ይበቃል፤ Iteration እየጨመረ ሄዶ Memory remaining ወርዶ ተመልሶ ከወጣ፣ መጠበቁ ከንቱ ነው። `--auto-converge` ሲጨመር QEMU የእንግዳውን ፕሮሰሰር በመጀመሪያ 20 በመቶ፣ ካልበቃም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ያዘገየዋል። ተጠቃሚዎች ዝግታው ይሰማቸዋል፤ ሥራው ግን ያልቃል። ሌላው መንገድ እንግዳውን መጀመሪያ አዲሱ ቤት አስነስቶ የቀሩትን ገጾች ሲፈልጋቸው ማምጣት ነው። ይህ በርግጠኝነት ይጨርሳል፤ እኔ ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ አልደፍረውም። በተለመደው መንገድ መስመሩ ቢቋረጥ እንግዳው በአሮጌው ቤት ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል፤ በዚህኛው ግን ሙሉ ሚሞሪ ከሁለቱም ዘንድ የለም፤ በመሐል ከማሽኖቹ አንዱ ቢጠፋ እንግዳውም አብሮ ይጠፋል።

ከዝግታው ይልቅ የሚያሰጋኝ ዲስኩ ነው። አስተናጋጁ ከዲስኩ ያነበበውን በራሱ ሚሞሪ ካሽ አድርጎ ከያዘ፣ አዲሱ አስተናጋጅ ማከማቻው ላይ ያለውን ሳይሆን ቀድሞ የያዘውን አሮጌ ቅጂ ለእንግዳው ሊሰጠው ይችላል። እንግዳው በተሳሳተ መረጃ ላይ ይጽፋል፤ መዝገቡም ድምፅ ሳያሰማ ይበላሻል። libvirt ይህን ሲጠረጥር Unsafe migration ብሎ ይከለክላል። አንዳንዱ `--unsafe` ጨምሮ ያልፈዋል፤ ይህን ማድረግ አይገባም። መፍትሔው በዲስኩ መግለጫ ላይ `cache='none'` መጻፍ ነው። ቅንብሩ የሚሠራው ግን እንግዳው ጠፍቶ ሲነሳ ስለሆነ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ በተፈጠረበት ቀን መግባት አለበት።