ልብሱ ይቀየር፣ ሳቁ ይቆይ

በዘንድሮው መጽሔታችን የሠራተኞች ገጽ ላይ የግቢያችን ጥበቃ አባባ ሰማያዊ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ሲስቁ ታያላችሁ። ፎቶግራፉ በተነሣበት ሰዓት ግን የለበሱት ቢጫ ካናቴራ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሁለት ነገር እንድታውቁ ነው። አንደኛው፣ ገጹ ላይ ያለው ሥዕል ከሁለት ፎቶግራፎች የተሠራ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ከኮምፒውተር መምህራቸው ጋር ሥራውን እንዴት እንደሠሩትና የት የት እንደተሳሳቱ ነው። ስሕተቶቹ ከውጤቱ ይልቅ ያስተምራሉና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ለገጹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ሦስት ጊዜ አነሣናቸው፤ ሦስት ጊዜም ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ከዚያ በፊት በአንድ የጽዳት ቅዳሜ ግን፣ የሙአለ ሕፃናት ልጅ የወለቀች ጥርሱን ሊያሳያቸው ወደ በሩ ሲሮጥ ከልባቸው ሲስቁ አንድ መምህር በስልኩ አንሥቷቸው ነበር። ፎቶግራፉን ስናሳያቸው ወደዱት፤ ሆኖም፦ «ዳይሬክተር፣ ይህን ድሬዳዋ ላሉት ልጆቼ እልካለሁ። የሠራሁበትን ልብስ ለብሼ ቢያዩኝ ደስ ይለኛል። ሳቄን ግን እንዳትነኩብኝ» አሉ። ሥራው የተጀመረው በዚህ ፈቃድና በዚህ ገደብ ነው።

መጀመሪያ አንድ ተማሪ ልብስ በአንድ ንክኪ በሚቀይር የስልክ መተግበሪያ ሞከረ። ልብሱ አማረ፤ ሰውየው ግን አባባ አልነበሩም። ምክንያቱም እንዲህ ያለ መተግበሪያ ልብሱን ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ፊቱንም አብሮ እንደገና ይሥላል። ሳቅ ደግሞ በአፍ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ ከልብ የሆነ ፈገግታ የአፍን ጫፍ ከመሳቡ ሌላ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ጉንጭ ወደ ላይ ይነሣል፣ በዓይን ጥግም መስመሮች ይወጣሉ። መተግበሪያው እነዚያን መስመሮች አለስልሶ ፊታቸውን ወጣት አደረገው። አፋቸው ይስቃል፤ ዓይናቸው ዝም ብሏል።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፦ የፊቱ ፎቶግራፍ አይነካም፤ የሚለካው፣ የሚዞረውና የሚቆረጠው ልብሱ ብቻ ነው። የተጠቀምንበት ፕሮግራም በነጻ የሚገኘው GIMP ነው። በዚህ ፕሮግራም ፎቶግራፎች እንደ ስስ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ፤ እያንዳንዱ ንብርብር ሌየር ይባላል። የመጀመሪያውን የሳቅ ፎቶግራፍ ከታች አድርገን ቆለፍነው፤ የደንብ ልብሱን ፎቶግራፍ በላዩ አነጠፍን።

የደንብ ልብሱ ፎቶግራፍ ከየት ይምጣ? ካለው ሁሉ የሚሻለው ሰውየው ራሱ ልብሱን ለብሶ መነሣቱ ነው። የትከሻው ስፋት፣ ሸሚዙ የሚጨማደድበት ቦታ፣ ኮሌታው በአንገቱ ላይ የሚቀመጥበት መንገድ የራሱ ይሆናሉ። አባባን በዚያው በር አጠገብ፣ በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን አነሣን። እዚህ ላይ ግን ሁለት ስሕተት ሠራን።

የመጀመሪያው ስሕተት ብርሃኑ ነው። የሳቁ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሰዓት ፋይሉ መዝግቦ ይዟል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። እኛ ልብሱን ያነሣነው ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ነው። ጅቡቲ ውስጥ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም፤ በጠዋቱ በግራ ጉንጫቸው የነበረው ብርሃን ከሰዓት በኋላ በቀኝ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ፊቱ በአንድ በኩል፣ ደረቱ በሌላ በኩል በራ። ተማሪዎቹ መላ ያገኙ መስሏቸው ልብሱን እንደ መስታወት ገለበጡት። ብርሃኑ ተስተካከለ። ሥዕሉን ለአባባ ስናሳያቸው ግን ወዲያው፦ «ኪሴ ወዴት ዞረ?» አሉ። እውነትም የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውሯል፣ የወንድ ሸሚዝ እንደ ሴት ሸሚዝ ተቆልፏል፣ በባጁ ላይ ያለው ጽሑፍም ተገልብጧል። እኛ ያላየነውን ልብሱን በየቀኑ የሚለብሰው ሰው አየው።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ የተደበቀ ነበር። ልብሱን በትክክል ብናስቀምጠውም ሥዕሉ የሐውልት አካል ላይ የተተከለ ራስ መሰለ። ብዙ ፈልገን ምክንያቱን አገኘነው፦ ሰው ሲስቅ በፊቱ ብቻ አይስቅም። በሳቁ ፎቶግራፍ ላይ አባባ ወደ ልጁ ዘንበል ብለዋል፤ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ከፍ ብሏል፣ አንገታቸውም ወደ ፊት ወጥቷል። በደንብ ልብሱ ፎቶግራፍ ላይ ግን ትከሻቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። ፊቱን አንድ ነጥብ ሳንነካ ሳቁን ግማሹን ያጠፋነው በትከሻው ነው።

ስለዚህ እንደገና አነሣን። በዚህ ጊዜ በረፋዱ አራት ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ ካሜራውንም ያነሣው መምህር መጀመሪያ ቆሞበት በነበረው ቦታ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ በደረታቸው ቁመት ያዘው። ርቀቱ የሚጠበቅበት ምክንያት አለው፤ ካሜራ ሲቀርብ ወደ ፊት የወጣው አካል ገዝፎ ከኋላው ያለው ያንሳል፣ ስለዚህ ትከሻና ራስ አይመጣጠኑም። እንዲስቁ አልጠየቅናቸውም። ልጁ በነበረበት ቦታ አንድ ተማሪ አቁመን «ወደ እርሱ ዘንበል ይበሉ» ብቻ አልናቸው። ፊታቸው እንደተለመደው ጠነከረ፤ ትከሻቸው ግን የምንፈልገውን ሰጠን። ሳቅ በትእዛዝ አይደገምም፤ አቀማመጥ ግን ይደገማል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ነው። የላይኛውን ሌየር Opacity ወደ 50 አወረድን፤ ሁለቱም ፎቶግራፎች እንደ ጥላ አብረው ታዩ። በሁለቱም ውስጥ ያለው ሰው አንድ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዓይኖች በሁለቱ ዓይኖች ላይ እስኪያርፉ ድረስ የልብሱን ሌየር በ Scale እና በ Rotate አስተካከልን። ከዚያ Opacity ወደ 100 ተመለሰ።

ቀጥሎ Add Layer Mask በሚለው ትእዛዝ ለልብሱ ሌየር ነጭ ማስክ ጨመርን። በማስኩ ላይ በጥቁር ብሩሽ የተቀባ ቦታ ይሰወራል፣ ከሥሩ ያለው ፎቶግራፍ ይታያል፤ ከተሳሳታችሁ በነጭ ትመልሱታላችሁ፣ ምንም አይጠፋም። ከልብሱ ሌየር ላይ የጠነከረውን ፊት፣ አንገቱንና ዙሪያውን ያለውን ግድግዳ ሰወርን፤ ያ የጽዳት ቅዳሜ ሳቅ ከታች ብቅ አለ። መጋጠሚያው በኮሌታው ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አደረግን፤ እዚያ መስመር መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ዓይን አይጠራጠርም። ብሩሹን በጣም ካለሰለሳችሁት ኮሌታው ጭጋግ ይመስላል፤ በጣም ካጠነከራችሁት በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ልኩ የፎቶግራፉ ሌላ ጠርዝ፣ ለምሳሌ የጆሮው ዳር፣ የሚታይበት ጥራት ነው።

ዕድል ያገዘችን በአንድ ነገር ነው። የካናቴራው አንገት ክብና ዝቅ ያለ ስለነበረ የሸሚዙ ኮሌታ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። አባባ ያን ቀን አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ያለው ቆዳ በፎቶግራፉ ውስጥ ስለሌለ ሥራው ባልተቻለ ነበር። ከሸሚዙ ውጭ የተረፈ ትንሽ ቢጫ እጅጌ ነበር፤ እርሱን በ Clone መሣሪያ ከአጠገቡ ባለው ግድግዳ ሸፈንነው።

ሁለት ነገር ቀርቷል። አንደኛው የአገጭ ጥላ ነው። አገጭ ኮሌታ ላይ ጥላ ካልጣለ ራስ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። በልብሱ ላይ አዲስ ሌየር ከፍተን፣ ሁነታውን Multiply አድርገን፣ ከሸሚዙ እጥፋት የወሰድነውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀባን፤ በ Gaussian Blur አለስልሰን ተፈጥሯዊ እስኪመስል ድረስ አደበዘዝነው። ጥቁር ቀለም አልተጠቀምንም፤ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ያለ ጥላ የጠቆረ ሰማያዊ ነውና። ሁለተኛው፣ ቢጫው ካናቴራ በፀሐይ ነጸብራቁ አገጫቸውን ከሥር ቢጫ አድርጎት ነበር። ማስተካከል ይቻላል፤ ያ ግን ፊቱን መንካት ይሆናል። ተማሪዎቹ ተከራክረው ተዉት። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ያ ቢጫ ዛሬም አለ።

ፊቱ አለመነካቱን እንዴት አረጋገጥን? የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ቅጂ ከሁሉ በላይ አስቀምጠን ሁነታውን Difference አደረግነው። በዚህ ሁነታ ሁለቱ ሥዕሎች አንድ የሆኑበት ቦታ ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ የተለያዩበት ያበራል። ሸሚዙ አበራ፣ እጅጌው የነበረበት ቦታ አበራ። ፊቱ ከግንባር እስከ አገጭ ጥቁር ሆነ። የመተግበሪያውን ሥዕል በዚሁ መንገድ ስንፈትሽ የዓይኖቹ ዙሪያ እንደ ከሰል ፍም ያበራ ነበር።

ለተማሪዎች የነገርኳቸውን ለወላጆችም ልድገመው። ይህን ያደረግነው አባባ በእውነት ለሚለብሱት ልብስ፣ በራሳቸው ጥያቄ ነው። ሰው ያልለበሰውን የሥራ ልብስ ወይም ያላገኘውን ማዕረግ ማልበስ ማታለል ነው፤ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶግራፍም እንዲህ አይሠራም። ስለዚህም ከሥዕሉ ሥር «ልብሱ ከሌላ ፎቶግራፍ የተወሰደ» የሚል መስመር አትመናል።

የመጨረሻውን ሥዕል በወረቀት አትመን ስንሰጣቸው አባባ መጀመሪያ ያዩት ኪሳቸውን ነው። በግራ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ፊታቸውን አይተው፦ «ጥርሱ የወለቀው ልጅ የታለ?» አሉ። እርሱ ከፎቶግራፉ ክፈፍ ውጭ ነበር። አሁን ግን ለድሬዳዋው ፖስታ የጽዳቱን ቅዳሜ ፎቶግራፍ ጨምረን፣ ቢጫ ካናቴራውን ሳንቀይር፣ ሁለቱንም አብረን ሰጥተናቸዋል።