«ይሻሻል» የምትል አንዲት ቃል

ለሲቪ አራሚዋ የደረሳት ፋይል 4 ገጽ ነው፤ አብሮት የተላከው መልእክት ግን «ይሻሻል» የሚል ብቻ። ምኑ? ቃላቱ፣ አቀማመጡ ወይስ ርዝመቱ?

አራሚዋ መጀመሪያ የጠየቀችው «የሚያመለክቱት ለየትኛው ሥራ ነው?» ብላ ነው። ባለቤቱ የ6 ዓመት ልምድ ያለው የሂሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ የሚፈልገው የከፍተኛ አካውንታንት ቦታ ነበር። መልሱ የቀረውን ወሰነ፦ የጋብቻ ሁኔታና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጡ፤ የቅርቡ ሥራ ወደ ላይ መጣ፤ 2 ገጽ ቀረ።

ጊዜ የወሰደው አጻጻፉ ነው። «የሂሳብ ሥራ ኃላፊነት» የሚለው ሐረግ «የ3 ቅርንጫፎችን ወርሃዊ ሂሳብ መዝጋት፣ ከባንክ ጋር ማስታረቅ» ሆነ። ቁጥሩን አራሚዋ አልፈጠረችም፤ ባለቤቱን ጠይቃ አገኘችው።

ባለሁለት አምድ አቀማመጡም ፈረሰ፤ ማመልከቻ የሚለዩ አንዳንድ ሶፍትዌሮች የአምዶቹን መስመሮች ያደበላልቃሉና። ጽሑፉን ገልብጦ ኖትፓድ ላይ ሲለጥፉት ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ፣ ችግሩ እዚያው ይታያል።