ያልተነበበው መስመር፦ ከማሸጊያ ፎቶ ላይ አለርጂ ቀስቃሾችን ስለ መለየት

የታሸገ ምግብን የግብዓት ዝርዝር ከፎቶ ላይ አንብቦ አለርጂ ቀስቃሾችን የሚጠቁም ሥርዓት በመጀመሪያ ጽሑፉ ያረፈበትን ስፍራ ይለያል፤ ቀጥሎ ምስሉን በኦሲአር ወደ ፊደላት ይለውጣል፤ በመጨረሻም የተገኙትን ቃላት ከአለርጂ ቀስቃሾች መዝገበ ቃላት ጋር ያመሳክራል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በማመሳከሩ ሥራ ላይ ነው።

ኦሲአር አልፎ አልፎ ፊደል ስለሚስት ማመሳከሩ ጥቂት ልዩነትን መቀበል ይኖርበታል። የልዩነቱ መለኪያ የአርትዖት ርቀት ነው፤ ይኸውም አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመቀየር የሚያስፈልጉ የፊደል ለውጦች ብዛት ነው። እንደ `hazelnuts` ባለ ረጅም ቃል አንድና ሁለት ፊደል ቢሳት ቃሉ አይጠፋም። በአጭር ቃል ላይ ግን ይኸው ልግስና ይጎዳል። `salt` (ጨው) ከ`malt` (ብቅል) የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ብቅል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ ስለሚሠራ የግሉተን ማስጠንቀቂያ ያስነሣል። ስለዚህ የሚፈቀደው ርቀት በቃሉ ርዝመት ሊወሰን ይገባል፤ ከዚያም በፊት ቃሉ በጠቅላላው የግብዓቶች መዝገብ ውስጥ ቅርብ ተዛማጅ እንዳለው መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ ግን የሚረዳው ቃሉ በከፊልም ቢሆን ሲነበብ ነው። በፕላስቲኩ ነጸብራቅ ምክንያት አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋስ? የአንድ ብስኩት ንባብ እንዲህ ሆኗል እንበል፦

```
wheat flour, sugar, palm oil,
sait, cocoa
Cholesterol 10mg
```

ከሁለቱ መስመሮች መካከል የአጓት ዱቄትና ቅቤ የተጻፉበት መስመር ጠፍቷል። ማመሳከሪያው `sait`ን በትክክል ጨው ይለዋል፤ ስንዴንም ይጠቁማል፤ ስለ ወተት ግን ዝም ይላል። ፍንጩ ያለው በሥነ ምግብ ሰንጠረዡ ላይ ነው። የዕፅዋት ግብዓቶች ኮሌስትሮል የላቸውም ለማለት ያስደፍራል፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ የዘንባባ ዘይትና ካካዎ ተደምረው 10 ሚሊ ግራም ሊሰጡ አይችሉም። እንግዲህ ወተት፣ እንቁላል ወይም ሌላ የእንስሳት ውጤት ሳይነበብ ቀርቷል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ይሁንና ሌላ ፎቶ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ማስረጃው የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የእንቁላል ነጩ ኮሌስትሮል የለውም፤ አለርጂ ግን ይቀሰቅሳል። በአሜሪካ ደንብ ደግሞ በአንድ የመመገቢያ መጠን ከ2 ሚሊ ግራም በታች የሆነ ኮሌስትሮል ዜሮ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሰንጠረዥም ኮሌስትሮልን እንዲገለጽ አያስገድድም።

በእኔ እይታ ሥርዓቱ «የለም» የሚል መልስ ከቶ ሊኖረው አይገባም። «ተገኝቷል»፣ «በተነበበው ክፍል አልታየም» እና «ንባቡ ጎዶሎ ነው» የሚሉት ሦስቱ ይበቁታል። ሲፈተንም በትክክል በተነበቡ ፊደላት መቶኛ ሳይሆን፣ አለርጂ ቀስቃሽ ኖሮባቸው ሁለተኛውን መልስ ባገኙ ማሸጊያዎች ብዛት ሊመዘን ይገባል፤ ከላይ ያየነው ብስኩት በፊደል መቶኛ ቢለካ መልካም ውጤት ያስመዘግብ ነበርና።