ነርሲንግ ወይስ ፋርማሲ? ፈቃዱ የት ያልቃል

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር በየቤቱ አንድ ክርክር ይነሳል። አባት ፋርማሲ ይላል፤ የሚታየው ነጭ ጋዋንና የራስ መድኃኒት ቤት ነው። አሜሪካ ያለችው አክስት በስልክ «ነርሲንግ ትማር» ትላለች። ሁለቱም ያለ ምክንያት አልተናገሩም፤ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ገበያ ነው የሚናገሩት። ልጅቷ ግን አገር ቤት ሥራ ማግኘትም፣ ውጭ የመሥራት ዕድልም ትፈልጋለች። ሁለቱን እኩል የሚሰጥ ዲግሪ የለም።

ከአገር ቤት እንጀምር። የጤና ምሩቅ ገና ጋዋኑን ሳያወልቅ ጤና ጣቢያ የሚመደብበት ዘመን አልፏል። የክልል ጤና ቢሮዎች ባለሙያ ያጥራቸዋል፤ ደመወዝ የሚከፍሉበት በጀት ግን ከዚያ በላይ ያጥራቸዋል። በዚህ ምክንያት ሕሙማን ወረፋ በሚጠብቁበት ከተማ ውስጥ ነርሱም ፋርማሲስቱም ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው ይታያሉ። የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ፣ ከዚያም የሙያ ብቃት ምዘናውን ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት ለሁለቱም ግዴታ ነው። እስከዚህ ልዩነት የለም።

ልዩነቱ የሚጀምረው መንግሥት ሳይቀጥር ሲቀር ነው። ነርስ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪ ያስፈልገዋል። የግል ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አሉ፤ ነገር ግን ልምድ ያለው ይመርጣሉ። በዚያ ላይ የዲግሪ ነርሷ በአነስተኛ ደመወዝ ከሚቀጠሩ የሌቭል አራት ምሩቃን ጋር ትወዳደራለች። ለፋርማሲስት ግን ሕጉ ራሱ ቦታ ፈጥሮለታል። ፋርማሲ የሚባል የችርቻሮ ድርጅት ያለ ፋርማሲስት ኃላፊ ፈቃድ አያገኝም። አስመጪና ጅምላ አከፋፋይም በሙያው የሚጠየቅ ቴክኒካል ማናጀር ይፈልጋሉ። ፋብሪካ አለ፣ የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ሆኖ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት መዞር አለ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አለ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። ገንዘብ ያለው ዘመድ ካለ ደግሞ የራስን መክፈት ይቻላል።

ይህ የሕግ ከለላ ግን ጥላም አለው። ባለሀብት ሱቁን ይከፍታል፣ የወጣቱን ፈቃድ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ በወር ጥቂት ብር ይከፍለዋል፤ መድኃኒቱን የሚሸጠው ሌላ ሰው ነው። «ፈቃድ ማከራየት» ይሉታል። ሥራ ላጣ ምሩቅ ነፃ ገንዘብ ይመስላል። ነገር ግን በፈቃዱ ሥር ለሚሸጠው ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ቁጥጥር መጥቶ ፈቃዱ ከታገደ ወይም ከተሰረዘ ደግሞ ጉዳዩ አገር ቤት አይቀርም። የውጭ ፈቃድ ሰጪዎች «ታግዶ ያውቃል ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ያንኑ ፈቃድ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ነው።

አገር ቤትን ብቻ ካየን እንግዲህ ፋርማሲ ይሻላል፤ በተለይ ከተማ ለሚኖርና ትንሽ መነሻ ገንዘብ ለሚያገኝ። የውጩ ስሌት ግን ይገለበጣል። እንዴት እንደሚገለበጥ ለማየት አሜሪካን እንውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚያስበውም እሷን ነውና።

ሁለት የአጎት ልጆች አሉ እንበል። አንዷ የአራት ዓመት የነርሲንግ ዲግሪ፣ አንዱ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ዲግሪ ይዘዋል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ፈቃድ አላቸው፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፣ አሜሪካ የሚወስድ ቪዛ ግን ገና የላቸውም።

ነርሷ መጀመሪያ የምትፈልገው አንድ ስቴት ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ስለሆነ። ቦርዶች ብዙውን ጊዜ ትምህርቷን ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል በነበረው ድርጅት ወይም በመሰሉ እንድታስገመግም ይጠይቋታል። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው፣ የፈቃድ ማረጋገጫው ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት በቀጥታ መላክ አለበት፤ በእጇ የያዘችው ኮፒ አይቆጠርም። ገምጋሚው የሚያየው በአዋቂ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ጤና ነርሲንግ በክፍልም በሕመምተኛ አልጋ አጠገብም የወሰደችውን ሰዓት ነው። ከዚያ ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ትፈተናለች። የመመዝገቢያው ዋጋ 200 ዶላር ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን ተጨማሪ ክፍያ አለ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። አምስት ሰዓት ይፈቀዳል፣ ጥያቄው ከ85 ያላነሰ ከ150 ያልበለጠ ነው፤ እንደ መልሷ ይከብዳል ወይም ይቀላል፣ ብቃቷ በበቂ ሁኔታ ሲለይም ይቆማል። ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው። የወደቀ ብዙ ጊዜ ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይችላል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ሁሉ አሜሪካ ሳይገቡ የሚያልቅ መሆኑ ነው። የፈተና ጣቢያዎች በሌሎች አገሮች አሉ፤ ስለዚህ ወጪው የጉዞና የሆቴል ነው እንጂ የአሜሪካ ቪዛ አይደለም። ፈተናውን ካለፈች ሆስፒታል አረንጓዴ ካርድ ሊያመለክትላት ይችላል። አሜሪካ ለነርስ «በቂ ሠራተኛ የለም» የሚለውን በሕግ አስቀድማ ስለተቀበለች ቀጣሪው መጀመሪያ አሜሪካዊ ፈልጎ ማጣቱን እንዲያስመሰክር አይገደድም። ከፋርማሲስቱ ጋር የሚለያያት ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ወደ ፋርማሲስቱ እንምጣ። እሱ የሚያስፈልገው ኤፍፒጂኢሲ የሚባል የምስክር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ለተመረቀ ቢያንስ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ሥርዓተ ትምህርት ይጠየቃል፤ የኛው ዲግሪ እዚህ ድረስ ያዋጣል። ከዚያ የዕውቀት ፈተና አለ፣ ከዚያ ቶፍል አለ። ለዓመታት ብዙዎችን ያሰናከለው ፈተናው አይደለም፤ ከ30 ውስጥ 26 ይጠይቅ የነበረው የቶፍል የንግግር ክፍል ነው። ግምገማውና ፈተናው አንድ ላይ ከሺህ ዶላር በላይ ያስወጣሉ።

ይህን ሁሉ ጨርሶም ፋርማሲስት አይባልም። በብዙ ስቴቶች ወደ 1500 ሰዓት የሚጠጋ ልምምድ፣ ፈቃድ ባለው ፋርማሲስት ሥር፣ እዚያው አሜሪካ ውስጥ መሥራት አለበት። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ወደ ዘጠኝ ወር ነው። ከዚያ በኋላ ናፕሌክስ የሚባለውን የሙያ ፈተናና አብዛኞቹ ስቴቶች የሚጠይቁትን የሕግ ፈተና ይቀመጣል። ለልምምዱ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ አሜሪካ የሚያስገባው ሌላ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ዲቪ፣ ትዳር ወይም ተጨማሪ ትምህርት ማለት ነው። በፋርማሲ ዲግሪው ብቻ ከአዲስ አበባ ተነስቶ መቀጠር እጅግ ይከብዳል።

የገበያው ስፋትም አይመጣጠንም። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነርሶች ሲሠሩ ፋርማሲስቶቹ ወደ 330 ሺህ ናቸው። የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ግምት በየዓመቱ ለነርስ ወደ 190 ሺህ፣ ለፋርማሲስት ወደ 14 ሺህ ቦታ ክፍት እንደሚሆን ያሳያል። በደመወዝ ግን ፋርማሲስቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የነርስ መካከለኛ የዓመት ገቢ 93,600 ዶላር፣ የፋርማሲስት 137,480 ዶላር ነበር። በዚህም ምክንያት አረንጓዴ ካርዱ አስቀድሞ በእጁ ላለ ሰው ነገሩ ይለወጣል። ከሄደ በኋላ የፋርማሲ ቴክኒሻን ሆኖ እየሠራ ወረቀቱን ያጠናቅቃል፤ ጥቂት ዓመት ይፈጅበታል እንጂ የሚያዋጣ መንገድ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካሉ ወገኖቻችን በዚህ ያለፉ አሉ።

ነርሷም ብትሆን መንገዷ የተጠረገ ነው ማለት አይደለም። ፈቃድ ቪዛ አይደለም። የነርሶች አረንጓዴ ካርድ ወረፋ ዓመታት የሚያስጠብቅበት ጊዜ አለ፤ የኢሚግሬሽን ፖሊሲም ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው ይቀያየራል።

ከዚህ የባሰው ግን ገና ትምህርት ሲመረጥ የሚሠራ ስህተት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአጠቃላይ ነርሲንግ ሌላ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ የሚሰጡ ልዩ ዘርፎች አሏቸው፤ የአእምሮ ጤና ነርሲንግ፣ የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ፣ የሕፃናት ነርሲንግ፣ ሚድዋይፈሪ። አገር ቤት የተከበሩ ሙያዎች ናቸው። ሚድዋይፍ ግን አሜሪካ ውስጥ ነርስ ተብላ አትመዘገብም፤ በአንድ ዘርፍ ብቻ የተማረ ነርስም በሌሎቹ ዘርፎች የሚጠየቀው ሰዓት ጎድሎበት ማመልከቻው ሊመለስ ይችላል። ውጭ የሚያስብ ተማሪ አጠቃላዩን ነርሲንግ ይማር፤ ልዩ ሙያው በኋላ ይደርሳል።

ባሕረ ሰላጤው ለሁለቱም ይቀርባል፤ መለኪያው ግን ሌላ ነው። ሳዑዲም ኤምሬትስም ሰነድ በዳታፍሎው በኩል ከምንጩ ያስጣራሉ፣ የራሳቸውን ፈተና ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድም ይጠይቃሉ። ያልሠሩበትን የልምድ ደብዳቤ አስጽፎ መላክ እዚህ ላይ ያጠፋል፤ አጣሪው ደውሎ ሆስፒታሉን ይጠይቃልና። ሥራ ሳያገኙ የቆዩ ዓመታትም ይቆጠራሉ፤ ከሙያው ርቆ የቆየ ሰው ማመልከቻው ይከብድበታል። ለፋርማሲስት በሩ እየጠበበ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ ባለሙያ ባላቸው ተቋማት ከችርቻሮ ፋርማሲ ባለሙያዎች 35 በመቶ፣ ከሆስፒታል ፋርማሲ ባለሙያዎች 65 በመቶ ሳዑዲያውያን እንዲሆኑ አዛለች።

እንግሊዝና ጀርመን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ባለሙያ የሚያጥራቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። በዚህ የተነሳ የእንግሊዝ ቀጣሪዎች እዚህ መጥተው እንዳይመለምሉ መመሪያ አላቸው፤ ራሷ ማስታወቂያ አይታ የምታመለክትን ነርስ ግን አይከለክልም። «እንግሊዝ ሆስፒታል ልከን እናስቀጥራለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ይህን ማስታወስ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። የሚያስወጣ ሌላ መንገድ የሌለውና ውጭ መሥራትን አጥብቆ የሚፈልግ አጠቃላይ ነርሲንግ ይማር፤ እንደተመረቀም ደመወዙ ቢያንስ እንኳ ሕሙማን የሚተኙበት ሆስፒታል ገብቶ ሁለት ዓመት ይሥራ። አገር ቤት መኖር የሚያስብ፣ ወይም ቤተሰቡ በሌላ መንገድ ሊወስደው የጀመረለት፣ ፋርማሲ ይማር። ሁለታችሁም ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁና ፕሮግራሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታወቀ መሆኑን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ በመጨረሻ የውጩ ገምጋሚ የሚጽፈው ለዚያው ኮሌጅ ሬጅስትራር ነው።