የአንድ ሰዓት ተኩል ሌክቸር በስልክ ሲቀረጽ

ስልክ ትራይፖድ ላይ አቁሞ ሌክቸር የሚቀርጽ ሰው አብዛኛውን ሥራ የሚጨርሰው የቀረጻ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ነው። መምህሩ መናገር ከጀመረ በኋላ ስልኩን በነኩት ቁጥር ምስሉ ይነቃነቃል፤ ከነጭራሹ ሊታረም የማይችል ነገርም አለ። እንደ ምሳሌ በመካከለኛ አዳራሽ ውስጥ፣ በፕሮጀክተር እየታገዘ ለ90 ደቂቃ የሚሰጥ ሌክቸር ይወሰድ። ስልኩ ከመምህሩ 7 ሜትር ያህል ርቆ፣ በተቀመጡት ሰዎች ጭንቅላት ከፍታ ላይ ሳይሆን ከዚያ በላይ ቆሟል።

ስልኩ መጋደም አለበት። ሰሌዳውም ሆነ የፕሮጀክተሩ ስክሪን ወደ ጎን የተዘረጉ ስለሆኑ፣ ስልኩ በቁመቱ ቆሞ የተቀረጸ ቪዲዮ በኮምፒውተር ሲታይ መሃል ላይ ጠቦ ይቀራል፤ የስላይዱ ጽሑፍም ለማንበብ ያስቸግራል። ስልኩ መቆሙን ወይም መጋደሙን የሚለየው የመሬት ስበትን አቅጣጫ በሚለካ ትንሽ ሴንሰር ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ደግሞ የቪዲዮው አቅጣጫ የሚወሰነው ቀረጻው በተጀመረበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ስልኩን በእጁ አቁሞ ቀረጻ ከጀመረ በኋላ ትራይፖዱ ላይ የሚያጋድመው ሰው፣ ሌክቸሩን በሙሉ ወደ ጎን ወድቆ ያገኘዋል። ስልኩ ከሰገነት ላይ በጣም ወደ ታች ሲያዘነብልም ሴንሰሩ ሊሳሳት ይችላል። ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል፦ ስልኩ ተጋድሞ ሳለ የካሜራው ምልክቶች አብረው ካልዞሩ አቅጣጫውን አላወቀም ማለት ነው። አሥር ሰከንድ ቀርጾ መልሶ ማየት ጥርጣሬውን ያጠፋል። ደግነቱ ይህ ስህተት የከፋ አይደለም፤ የተጋደመ ቪዲዮ በኋላ በማስተካከያ መተግበሪያ ሊዞር ይችላል።

ትራይፖዱ ላይ ያለው መቆንጠጫ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልኩ ሲጋደም መቆንጠጫው የሚይዘው ረጃጅሞቹን ጎኖች ነው፤ የማብሪያና የድምፅ ቁልፎች ያሉትም እዚያው ነው። የማብሪያ ቁልፉ ከተጫነ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ቀረጻውም ይቆማል። መቆንጠጫውን ከቁልፎቹ ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፎከስ ነው። ስልክ በራሱ ሲተው ፎከሱን ያለማቋረጥ ይፈልጋል። ስላይድ ሲቀየር ወይም አንድ ሰው ከፊት ሲያልፍ፣ ምስሉ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይደበዝዝና ይመለሳል። ይህን የሚያስቆመው ፎከሱን መቆለፍ ነው፤ ስክሪኑ ላይ መምህሩ የሚቆምበትን ቦታ በጣት ተጭኖ መቆየት። በአይፎን ላይ AE/AF LOCK የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ የቁልፍ ምልክት ይታያል። መምህሩ ወዲያ ወዲህ ቢል ፎከሱ ይጠፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። የስልክ ዋናው ካሜራ ሌንስ በጣም አጭር በመሆኑ፣ 7 ሜትር ላይ ሲቆለፍ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉ ብዙ ሜትሮች ውስጥ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ቁልፉን የሚፈታው የመምህሩ እንቅስቃሴ ሳይሆን ስክሪኑን በስህተት የሚነካ ጣት ነው።

ይኸው መጫን ከፎከሱ ጋር ብርሃኑንም ይቆልፋል፤ ችግር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። የፕሮጀክተር ስክሪን ከመምህሩ ፊት እጅግ ይበልጥ ያበራል። ስልኩ በስክሪኑ ከለካ መምህሩ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ በመምህሩ ፊት ከለካ ደግሞ ስላይዱ ነጭ ሆኖ ጽሑፉ ይጠፋል። ሁለቱን እኩል የሚያሳይ ልክ ላይገኝ ይችላል። የሚሻለው መምህሩ የሚቆምበት ላይ ከቆለፉ በኋላ ከአጠገቡ የሚታየውን የፀሐይ ምልክት ጥቂት በጥቂት ወደ ታች መጎተት፣ የስላይዱ ጽሑፍ መነበብ ሲጀምርም ማቆም ነው። መምህሩ ስላይዶቹን በፋይል የሚሰጥ ከሆነ ግን ቅድሚያ ለፊቱ መስጠት ይበጃል። ይህ ሁሉ የሚደረገው የአዳራሹ መብራት ሌክቸሩ በሚሰጥበት ሁኔታ ላይ ሳለና ነጭ ስላይድ ስክሪኑ ላይ በርቶ ነው። መብራቱ መሃል ላይ ከጠፋ የተቆለፈው ልክ አይሠራምና እንደገና መቆለፍ ግድ ይላል።

የማስቀመጫ ቦታ ጉዳይ የሂሳብ ጉዳይ ነው። 1080p በሚባለው ጥራት፣ በሰከንድ 30 ምስል የተቀረጸ አንድ ደቂቃ በብዙ ስልኮች 130 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 90 ደቂቃው 11.7 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። አዲሱ የማመቂያ ዘዴ HEVC ከተመረጠ ወደ ግማሽ ይወርዳል። 4K ግን በአሮጌው ዘዴ ለደቂቃ 350 ሜጋባይት ያህል ስለሚፈልግ፣ ለዚሁ ሌክቸር ከ31 ጊጋባይት በላይ ይበላል፤ ለአንድ ሰውና ለአንድ ሰሌዳ ደግሞ 1080p ይበቃል። ስልክ ከስልክ ስለሚለያይ አስተማማኙ መንገድ አንድ ደቂቃ ቀርጾ የፋይሉን መጠን ማየትና በደቂቃዎቹ ማባዛት ነው። ጥያቄና መልሱ ሊረዝም ስለሚችል ተጨማሪ ሩብ ያህል ቦታ ይተዋል። ሜሞሪ ካርድ ላይ ለሚቀርጽ ሌላ ገደብ አለ፦ 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች ብዙ ጊዜ FAT32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጁ ናቸው፤ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ከላይ ባለው ስሌት ይህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አንዳንድ ስልክ በራሱ ሌላ ፋይል ይከፍታል፣ አንዳንዱ ግን ቀረጻውን ያቆማል።

ባትሪን በተመለከተም መገመት ሳይሆን መለካት ይቻላል። አሥር ደቂቃ ሲቀረጽ 5 በመቶ የቀነሰ ስልክ በ90 ደቂቃ 45 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ያረጀ ባትሪ ግን መጨረሻው ላይ ድንገት ስለሚወርድ በዚህ ስሌት ማመን አይገባም። ፓወር ባንክ ከመጀመሪያው መሰካት አለበት፤ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። መቆንጠጫው የቻርጀር ቀዳዳውን አለመሸፈኑ፣ ገመዱም ስልኩን አለመጎተቱ አስቀድሞ ይታያል። እየቀረጹ ቻርጅ ማድረግ ስልኩን ያሞቃል፤ በጣም ሲሞቅ ካሜራው በራሱ ሊዘጋ ስለሚችል ሽፋኑን ማውለቅ፣ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስና ከመስኮት ፀሐይ ማራቅ ይረዳል። ኤርፕሌን ሞድ ባትሪ ይቆጥባል፤ ከሁሉም በላይ ግን ቀረጻውን ሊያቋርጥ የሚችል ጥሪ እንዳይገባ ይከለክላል።

ባትሪው መሃል ላይ ቢያልቅ የሚጠፋው ቀሪው ክፍል ብቻ አይደለም። የ MP4 ፋይል እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ የት እንዳለ የሚያሳይ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ ክፍል አለው፤ ብዙ ስልኮች ይህን የሚጽፉት ቀረጻው ሲቆም ነው። ስልኩ ድንገት ከጠፋ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀርና የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። በዚህ ምክንያት መምህሩ ዕረፍት ሲሰጥ ወይም ወደ ሌላ ርዕስ ሲሻገር ቀረጻውን አቁሞ ወዲያው እንደገና መጀመር ጥሩ ልማድ ነው፤ ቢበላሽ የሚበላሸው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ይሆናል። ሲያበቃም የማቆሚያ ቁልፉ ተነክቶ የቪዲዮው ትንሽ ምስል በስክሪኑ ጥግ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ከዚያ የፋይሉ መጨረሻ ተከፍቶ ይታያል፤ ስልኩ ከትራይፖዱ የሚወርደው ከዚህ በኋላ ነው።