የነገ ብር ዛሬ ስንት ያወጣል?

ለሽያጭ የቀረበ የዱቄት ፋብሪካ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በመጪው ዓመት 10 ሚሊዮን ብር በእጅ ያስገባል እንበል። ገዢው ለሚሸከመው ስጋት በዓመት 15 በመቶ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከዓመት በኋላ የሚመጣ 115 ብር ለእሱ ዛሬ 100 ብር ነው። የራቀው ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል።

ገቢው ሳያቋርጥ በየዓመቱ 5 በመቶ ካደገ፣ የመጪዎቹ ዓመታት ሁሉ የዛሬ ዋጋ 10 ሚሊዮን ለ0.10 ተካፍሎ 100 ሚሊዮን ይሆናል። አካፋዩ የ15 እና የ5 በመቶ ልዩነት ነው፤ ጣጣውም እዚያው ነው። ሻጩ ዕድገቱን 7 ቢለው ዋጋው 125 ሚሊዮን ይደርሳል። 15ቱንም ወደ 13 ካስወረደ 167 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ፋብሪካው ግን አንድ ኩንታል እንኳ አልጨመረም!

እኔ ገዢ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ሁለቱም ቁጥሮች የዋጋ ንረትን ይዘው እንደሆነ ነው። 15ቱ ይዞ ዕድገቱ ካልያዘ ፋብሪካው ያለአግባብ ይረክሳል።