በፎቶሾፕ ሽበት ሲቀባ ጥላው ለምን ይደፈርሳል?

በፎቶ ላይ ሽበትን ማጥቆር ወይም ወርቃማ ጸጉርን ወደ ቡናማ መለወጥ ፎቶ ቤቶች ዘወትር የሚጠየቁት ሥራ ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ብርሃን የመታው ጸጉር ሮዝ ነገር ይሆናል፣ በዘለላዎቹ መካከል ያለው ጥላ ደግሞ ቀላ ብሎ ይደፈርሳል። ጸጉሩ ከራስ ቅሉ የበቀለ ሳይሆን የተደፋበት ቆብ ይመስላል። ባለሙያው የተሻለ ቡናማ ፍለጋ ቀለም ቢቀያይርም ነገሩ አይስተካከልም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ ከቀለም ምርጫው አይደለም።

ጥፋቱን ለማየት ጥቂት ቁጥሮች ያስፈልጉናል። ኮምፒውተር የእያንዳንዷን የፎቶ ነጥብ ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሽበት ላይ ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ወይም ለእኩል የቀረቡ ናቸው። ብርሃን የመታው ዘለላ በሦስቱም 200 አካባቢ፣ መካከለኛው 130፣ ጥላው 40 ነው እንበል። የተለመደው አሠራር Solid Color የሚባለውን ሌየር ከፍቶ ቡናማ መምረጥ፣ ለምሳሌ 120፣ 80፣ 50፣ ከዚያም የሌየሩን ብሌንድ ሞድ Color ማድረግ ነው። ይህ ሞድ ከሥር ያለውን ድምቀት ሳይነካ ቀለሙን ብቻ ያለብሳል። ሲያለብስ ግን የቡናማውን የቁጥር ልዩነት በብሩህ ቦታም በጨለማም እኩል ይጭናል፤ ቀዩን በ31 ከፍ፣ አረንጓዴውን በ9 ዝቅ፣ ሰማያዊውን በ39 ዝቅ ያደርጋል።

ስለዚህ 200 የነበረው ዘለላ 231፣ 191፣ 161 ይሆናል። ይህ ፈዛዛ የኮክ ቀለም እንጂ ቡናማ አይደለም። 40 የነበረው ጥላ ደግሞ 71፣ 31፣ 1 ይሆናል። ሰማያዊው ጨርሶ ጠፍቶ ቀዩ ብቻውን ጎልቶ ወጣ ማለት ነው። መደፍረስ የምንለው ይሄ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ባለበት ቦታ ላይ ከልክ ያለፈ ቀለም መጫን። ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ሞዱን ወደ Multiply ይቀይራል። ያኔ ጥላው ወደ 19፣ 13፣ 8 ይወርድና ዘለላ ከዘለላ የማይለይበት ጥቁር ድፍን ይሆናል።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መመለስ ይጠይቃል። ቀለሙ የት ይረፍ? ባረፈበት ቦታስ ምን ያህል ይያዝ? የመጀመሪያውን Color Range ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ሉሚኖሲቲ ማስክ። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ማስክ ለመመለስ ሲሞክር ነው የሚቸገረው።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ጸጉራቸውን ሹሩባ የተሠሩ፣ ሽበታቸው የገፋ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው፤ ልጆቻቸው ጸጉራቸው ቡናማ ሆኖ እንዲታተም ይፈልጋሉ። የሹሩባ ፎቶ ለዚህ ትምህርት ጥሩ ነው፤ በየመስመሩ መካከል ጥላ አለ፣ ጥላው ከተበላሸ ሹሩባው ራሱ ይጠፋል።

ፎቶው ከካሜራ በ RAW የወጣ ከሆነ ከመጀመሪያው በ16 ቢት መክፈት ይሻላል፤ በጥላ ውስጥ ያለው የቀለም ሽግግር እንዳይሰባበር ይረዳል። ከዚያ ምርጫው ይጀመራል። እዚህ የመጀመሪያው ወጥመድ ነጠላው ነው። ሽበት የራሱ ቀለም ስለሌለው Color Range ሽበትን ሲፈልግ በተግባር የሚፈልገው ቀለም አልባ የሆነና ድምቀቱ የሚቀራረብ ነገርን ሁሉ ነው። ነጠላውን፣ ጥርሱን፣ የዓይኑን ነጭ፣ ግራጫ ግድግዳ ካለም ግድግዳውን ጠራርጎ ይመርጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያ በ Lasso ጸጉሩን ሰፋ አድርጎ መክበብ፣ ከዚያ Select > Color Range መክፈት፤ ፍለጋው በተከበበው ቦታ ብቻ ይወሰናል። Fuzziness የሚለውን 60 አካባቢ አድርጎ መካከለኛ ድምቀት ያለውን ዘለላ መንካት፣ ቀጥሎ Shift ተጭኖ አንድ ብሩህና አንድ ጨለም ያለ ዘለላ መጨመር ይበቃል። በሹሩባው መስመሮች መካከል የሚታየው የራስ ቆዳ ጠይም ስለሆነ አብዛኛው ከምርጫው ውጪ ይቀራል፤ የተረፈውን በኋላ በብሩሽ ማጥፋት ይቻላል።

በዚህ ምርጫ ላይ ቀለም አይቀባም። ሌየር ሳይሆን ግሩፕ ይፈጠርና ምርጫው የግሩፑ ማስክ ይሆናል። ከዚህ በኋላ በግሩፑ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ሌየር ከጸጉሩ አይወጣም። «የት» የሚለው ጥያቄ ተዘጋ።

«ምን ያህል» የሚለውን ለመመለስ የሚያገለግለው ሉሚኖሲቲ ማስክ ከመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ የመጣ ነው፤ በስፋት እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቶኒ ኩይፐር ነው። ሐሳቡ ፎቶው ራሱ የራሱ ማስክ እንዲሆን ነው። Ctrl + Alt + 2 ሲጫን፣ በማክ ደግሞ Cmd + Option + 2፣ እያንዳንዷ ነጥብ በድምቀቷ መጠን ትመረጣለች። 200 የሆነችው ወደ 78 በመቶ፣ 130 የሆነችው ግማሽ ያህል፣ 40 የሆነችው ጥላ 16 በመቶ ብቻ። በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነጠብጣብ መስመር ከግማሽ በላይ የተመረጠውን ብቻ ስለሚከብ ጥላው ያልተመረጠ ይመስላል። ተመርጧል፤ በጥቂቱ ነው እንጂ።

አሁን ከቀለሙ በፊት ድምቀቱን ማውረድ ይገባል። ቡናማ ማለት ጨለም ያለ ብርቱካናማ ነው፤ ነጭ ላይ ቡናማነት የለም። ምርጫው እንዳለ በግሩፑ ውስጥ Curves ሌየር ሲከፈት ምርጫው ማስኩ ይሆናል። በመስመሩ ላይ 200ን ወደ 110፣ 130ን ወደ 55 ማውረድ፣ 40 አካባቢን ግን እዚያው ማቆየት ነው። የመጨረሻውን የላይኛ ጫፍ ወደ 190 ብቻ ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ የጸጉሩ ወዝ ያለው እዚያ ነው። ማስኩ ኃይሉን ስለሚቀንሰው 200 የነበረው ወደ 130፣ 130 የነበረው ወደ 92 ይወርዳል፤ ጥላው 39 ገደማ ሆኖ ይቀራል። ይበልጥ የጠቆረ ጸጉር ከተፈለገ ይህን ሌየር መድገም እንጂ መስመሩን እስከ ታች መጎተት አያስፈልግም። ሲጎተት ብሩሁና መካከለኛው እኩል ይሆኑና ዘለላው ጠፍጣፋ ይሆናል።

ከ Curves በላይ Solid Color ሌየር ይገባል። ቡናማው ያው 120፣ 80፣ 50 ነው፤ ሞዱም ያው Color ነው፤ የተለወጠው ማስኩ ነው። የ Curves ሌየሩን ማስክ Alt ተጭኖ ወደዚህ በመጎተት መገልበጥ፣ ከዚያ ማስኩ ላይ Ctrl + L ብሎ የመሐለኛውን ቁጥር 1.5 ማድረግ። በዚህ ጊዜ መካከለኛው ድምቀት የቀለሙን ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ ጥላው ደግሞ 29 በመቶ ያህሉን ይቀበላል። ውጤቱን በ Info ፓነል ማየት ይቻላል። ቀድሞ 71፣ 31፣ 1 ሆኖ ቀልቶ የነበረው ጥላ አሁን 48፣ 36፣ 28 ነው፤ ጨለማ፣ ሞቅ ያለ፣ ግን ያልጮኸ። መካከለኛው 112፣ 86፣ 67 ሆኖ እውነተኛ ቡናማ ሆኗል። የቀለም ሳጥኑ አልተነካም፤ ቀለሙ የተሰጠው ልክ ብቻ ነው የተለወጠው።

በጣም የሚያብረቀርቁ ጠባብ መስመሮች ግን ቀለም ሊጠጡ አይገባም። ያ ብልጭታ የጸጉሩ ቀለም ሳይሆን የመብራቱ ነጸብራቅ ነው። ሌየሩን ሁለቴ ነክቶ Blend If ውስጥ Underlying Layer የሚለውን ነጭ ጠቋሚ Alt ተጭኖ መክፈልና በ150 እና በ190 መካከል ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ብርሃን ቀስ በቀስ ከቀለም ነጻ ይወጣል። ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ለእኔ ግን ጸጉር ሕያው መስሎ የሚታየው በእሱ ነው።

ወርቃማ ጸጉር ላይ አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለ። ጥላው ከአዲሱ ቀለም 29 በመቶ ብቻ ከተቀበለ ቀሪው የድሮው ቢጫ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ቡናማ ወይም ጥቁር ከእሱ ጋር ተዋህዶ ወደ አረንጓዴ ያደላ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በግሩፑ ሥር Hue/Saturation ሌየር አስገብቶ Saturation የሚለውን ወደ -65 አካባቢ ማውረድ ያስፈልጋል። ወርቃማው ወደ ሽበት ይጠጋል፤ የቀረው ሥራ ከላይ እንዳየነው ነው። ምርጫው ላይም ችግሩ ይገለበጣል። እዚህ የሚያስቸግረው ነጠላው ሳይሆን ግንባር ነው፤ የቆዳና የወርቃማ ጸጉር ቀለም ዝምድና አላቸው። Color Range ውስጥ Localized Color Clusters የሚለውን መርጦ Range የሚለውን ዝቅ ማድረግ፣ ግንባሩንም Alt ተጭኖ በመንካት ማስወጣት ይረዳል።

ሥራው መስተካከሉን ለማወቅ ከሁሉም በላይ ጊዜያዊ Hue/Saturation ሌየር ከፍቶ Saturation +60 ማድረግ ነው። በሹሩባው መስመሮች መካከል ቀይ ወይም አረንጓዴ ከፈነዳ ጥላው ገና ቀለም በዝቶበታል፤ የቀለሙን ማስክ ጥላው ላይ ማጥቆር ይፈልጋል። ከዚያ ሌየሩን አጥፍቶ ፎቶውን በ100 በመቶ ማየት፣ በተለይ በግንባርና በጆሮ ዳር ያሉትን ቀጫጭን ዘለላዎች። እዚያ ነጭ ጠርዝ ከቀረ የግሩፑን ማስክ በለስላሳ ብሩሽ ማስፋት ይበቃል። ቅንድብም አይረሳ፤ ጸጉሩ ቡናማ ሆኖ ቅንድቡ ነጭ ከቀረ ያስታውቃል። በጆሮ ግንድ በኩል ጥቂት ሽበት መተው ግን አይከፋም፤ በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ፊት ሙሉ በሙሉ የተቀባ ጸጉር አይሸከምም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ፎቶ አለ። ፍላሽ በጣም መትቶት 255 የደረሰ ሽበት ውስጥ ዘለላ የለም፤ ማስኩ የሚያነበው ነገር ስለሌለ ምንም ቢቀባ ድፍን ቀለም ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስልም ተጨምቆ የጥላው ዝርዝር ስለተበላ ጥላው ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ብቅ ይላሉ። የእናትዎን ወይም የአባትዎን ፎቶ ለማስተካከል ለፎቶ ቤት ሲልኩ እባክዎ ፎቶው ከተነሳበት ስልክ ወይም ካሜራ ዋናውን ወስደው በ File ይላኩት።